ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ፒያኖ

ፒያኖ ለመግዛት የወሰንኩት ጅማ ከመጣሁ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። የምኖረው አዲስ በተሠራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ጠባብ ሳሎን ባላት ቤት ውስጥ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ የላቦራቶሪ ትምህርት አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድን ከማንም ጋር ሳላወራ የማሳልፍባቸው ሳምንታት ብዙ ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼን «እንደምን አደራችሁ» ስላቸው ድምፄ ጎርነን ብሎ ይወጣል። ያኔ ከዓርብ ወዲህ እንዳልተናገርኩ ይገባኛል።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ፒያኖ ተምሬያለሁ። ሙያዬ አላደረግሁትም፤ ግን ሳልጫወት የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነበር። ትዳር ስይዝም በባለቤቴ ቤት ፒያኖ ነበረ፤ የእናቱ ነው። ስንለያይ ልብሴንና መጻሕፍቴን ይዤ ወጣሁ፣ ፒያኖው እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ ፈታ። ስብሰባ ላይ ስቀመጥ ጣቶቼ ከጠረጴዛው በታች ጉልበቴ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ «ምን ሆነሽ ነው? ብርድ ብርድ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የዚያን ዕለት ማታ አዲስ አበባ ላሉት የድሮ የፒያኖ መምህሬ ደወልኩ።

መምህሬ አርጅተው ነበር፤ ማስተማሩን ትተው የሰው ፒያኖ መቃኘት ብቻ ነበር የቀራቸው። ፒያኖ መግዛት እንደምፈልግ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄ ጀመሩ።

«ስንተኛ ፎቅ ነሽ?»

«ሦስተኛ።»

«ደረጃው ሲጠመዘዝ ስፋቱ ስንት ክንድ ነው?»

«አልለካሁትም።»

«ለኪው። ከሥርሽ ማን ይኖራል?»

አላውቃቸውም ነበር። ሄርማታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሴትዮ ከባለቤታቸው ጋር እንደሚኖሩ ብቻ ነው የማውቀው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «እውነተኛው ፒያኖ ከሁለት ኩንታል በላይ ይመዝናል። መብራት አይፈልግም፤ ግን ቀስ በል ብትዪው የሚሰማሽ ዕቃ አይደለም፣ ጎረቤትሽ ሁሉ ይሰማዋል። የጅማ እርጥበት ደግሞ ለእንጨት ክፉ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በተለዋወጠ ቁጥር ቅኝቱ ይዛባል። ማን ይቃኝልሻል? እኔ ከእንግዲህ አውቶቡስ የምሳፈር ሰው አይደለሁም። ሠርግ ላይ የምታዪው ኪቦርድ ቀላል ነው፣ በባትሪም ይሠራል፣ ግን ለአንቺ እጅ አይሆንም። ዲጂታል ፒያኖ የሚባለው መሀል ላይ ነው። ቁልፉ ክብደት አለው፣ ቅኝት አይፈልግም፣ በጆሮ ማዳመጫ መጫወት ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ግን ሣጥን ነው።»

«እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?»

«እኔ ከፒያኖዬ ጋር ምድር ቤት ነው የምኖረው» አሉ። «የኔን ምርጫ አትጠይቂኝ።»

በማግስቱ የደረጃውን መጠምዘዣ በሲባጎ ለካሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ጨርቅ የሚሸጡት ሴትዮ በራቸውን ከፍተው ወጡና ቆመው አዩኝ።

«አካም ጂርታ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ።

«ምንም አልጠፋብኝም። ዕቃ ላስገባ አስቤ ነው።»

«በቀስታ ይሁን» አሉ። «ባለቤቴ ሀጂ ታመው ነው ያሉት። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ስድስት ወሩ። ትንሽ ድምፅ ከሰሙ እንቅልፍ የላቸውም፣ ወላሂ።»

አፌን በእጄ ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውና እኔ በአንድ ዓመት ጉርብትናችን ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተነጋገርነው ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ ኪቦርዱን ሞከርኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነበረች፤ የነሱን ኪቦርድ ለሁለት ሳምንት አዋሰችኝ። ሰው ሁሉ «ኦርጋን» ነው የሚለው። በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ደረጃውን ወጣሁ፤ አልጋዬ ላይ አስቀምጬ ባትሪውን ከተትኩ። ድምፁን ቀነስኩና መጫወት ጀመርኩ።

ቁልፎቹ በስፕሪንግ የሚመለሱ፣ ባዶ ነገሮች ነበሩ። ቀስ ብዬም ነካሁ፣ በኃይልም ነካሁ፣ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። በልጅነቴ የተማርኩትን አንድ ዘገምተኛ ሙዚቃ ጀምሬ የግራ እጄ ወደ ዝቅተኛው ድምፅ ሲወርድ ቁልፉ አለቀ፤ ጣቴ ብርድ ልብሱን ነካ። ቁልፎቹ ስልሳ አንድ ብቻ ናቸው። ሙዚቃውን ከፍ አድርጌ ልጫወተው ሞከርኩ፤ ያኔ ደግሞ የቀኙ አለቀ። በሦስተኛው ቀን እጄ መልመድ ጀመረ፣ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ክብደት የሌለውን ነገር ለምዶ ክብደት ያለውን ይረሳል ብዬ ሰጋሁ። ሁለት ሳምንቱ ሳይሞላ መለስኩላት።

«አልተስማማዎትም መምህር?» አለችኝ።

«ለናንተ መዝሙር ጥሩ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ይዘውት ገጠር ለገጠር ይዞራሉ፣ ለእነሱ ከእሱ የተሻለ ዕቃ የለም።

ስለ ሊሙው ፒያኖ የነገረኝ ያ ብርድ ብርድ አለሽ ያለኝ ባልደረባዬ ነው። አገሩ ሊሙ ገነት ነው። በዚያ አንድ ሽማግሌ ቤት ትልቅ ፒያኖ እንዳለ፣ ከአብዮቱ በፊት የቡና እርሻ ያስተዳድሩ የነበሩ ፈረንጆች አገር ለቀው ሲሄዱ ለሽማግሌው ሚስት ትተውላት እንደሄዱ አጫወተኝ። ሚስቲቱ ሞታለች። ሽማግሌው ፒያኖውን የሚወስድ ሰው ይፈልጋሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሄድኩ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሙሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሜካኒክ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ጆሯቸው ከበድ ያለ ነው፤ ሲያነጋግሩኝ አፌን ይመለከታሉ። የሞተር ጩኸት ነው ጆሮዬን የበላው አሉኝ። ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በነጭ ጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ጨርቁን ራሳቸው አነሡት።

«መ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ። «ከሷ ወዲህ የተቀመጠበት የለም።»

ተቀመጥኩ። አንድ ቁልፍ ስነካ ያ ክብደት በጣቴ ላይ መጣ፤ መዶሻው ሲነሣና ሽቦውን ሲመታ ታወቀኝ። ድምፁ የተዛባ ነበር፣ የሁሉም ቁልፍ ቅኝት ከሚገባው በታች ወርዷል፤ ቢሆንም ድምፁ ከእንጨት ውስጥ ወጥቶ ደረቴን ነካኝ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሽማግሌው አይተውኝ ይሆናል።

ከዚያ መምህሬ በስልክ ያዘዙኝን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ሁሉንም ቁልፍ ተራ በተራ ነካሁ። አሥራ አንዱ ከተጫኑ በኋላ አይመለሱም፤ እንጨታቸው እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። የፊቱን ሳንቃ ከሽማግሌው ጋር አወረድነው። የመዶሻዎቹን ሱፍ ብል በልቶታል። ሽቦዎቹ ዝገዋል። ይህ ሁሉ ይጠገናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«ዋናው ብሎኑ ነው» ብለውኝ ነበር መምህሬ። «ሽቦው የተጠመጠመበት ብሎን እንጨት ውስጥ ነው የተሰካው። እንጨቱ ካልያዘው ፒያኖ የለሽም።»

ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ወደ ጓዳ ገብተው ራሳቸው በሞረድ የሠሩትን የብሎን ቁልፍ ይዘው መጡ፤ ድሮ ለሚስታቸው ሽቦ ሲላላባት የሚያጠብቁበት ነው። መሀል ላይ ያለ አንድ ብሎን ላይ ገጠሙት፤ እኔ የፒያኖውን ቁልፍ እየደጋገምኩ ነካሁ፣ እሳቸው ቀስ ብለው አዞሩ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ትክክል ሆነ። እጃቸውን ለቀቁ። ሁለታችንም እየሰማን ድምፁ ተንሸራቶ ወደ ነበረበት ወረደ።

ሌላ ብሎን ሞከርን። እሱም ወረደ። አምስተኛው ላይ ሽማግሌው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ጆሯቸው ሁሉን ባይሰማም፣ ብሎኑ እጃቸው ውስጥ ሲሸሽ ታውቋቸዋል።

«ቀዳዳው ሰፍቷል» አሉ። «እንጨቱ ሞቷል።»

«በወፍራም ብሎን ይተካል ይላሉ።»

«ሁሉንም ሽቦ አውርዶ ነው። ማን ያደርገዋል?» አሉና ሳንቃውን አንሥተው ቦታው መለሱት። «ኤዬ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሰው እስኪነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

ምሳ አብልተውኝ ሸኙኝ። በሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ፒያኖውን እንዴት እንደማስጠግነው፣ ስንት ሰው እንደሚሸከመው፣ ደረጃው መጠምዘዣ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ ሳሰላ መጣሁ። ደረጃውን የለካሁበት ሲባጎ እንደማያልፍ ነግሮኛል፤ ሀጂ ከሥሬ ተኝተዋል፤ ብሎኑ አይይዝም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ልወስደው ፈለግሁ። ማታ ለመምህሬ ደወልኩ።

«ልጄ፣ አዝነሽለት አትግዢው» አሉኝ። «ቤትሽ ገብቶ ዝም ቢል ሁለታችሁም ብቻችሁን ናችሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አለቀስኩ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ለኮሌጁ ዕረፍት አዲስ አበባ ስሄድ እኅቴ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ይዛኝ ሄደች። ሻጩ በየተራ እየነካካ አምስት መቶ ዓይነት ምት ያለውን፣ መብራቱ የሚብለጨለጨውን አሳየኝ። ሁሉንም አጥፋልኝ ስለው ግራ ተጋባ። ኤሌክትሪኩን ነቅሎ ቆመ፤ እኔ ድምፅ በሌላቸው ቁልፎች ላይ እጄን አስኬድኩ። አብዛኞቹ እንደዚያ ኪቦርድ ባዶ ነበሩ። ጥግ ላይ የነበረው ጥቁር ግን ሰማንያ ስምንቱም ቁልፍ አለው፤ የግራው ከበድ፣ የቀኙ ቀለል ይላል፣ ቀስ ብዬ ስጫነው እንደ መዶሻ ተነሥቶ ይወድቃል።

«አሁን ሰካው» አልኩት።

ድምፁ ከእውነተኛ ፒያኖ የተቀዳ ነው። ቀስ ብዬ ስነካው ቀስ ይላል፣ ስጫነው ይጮሃል። ፔዳል አለው። ደረቴን ግን አልነካኝም። እኅቴ ፊቴን አየችና «ደስ አላለሽም?» አለችኝ። «ይሆናል» አልኳት። ስለዚያ ቀን የማስታውሰው ቃል ይኸው ነው፤ ይሆናል። ገዛሁት።

ከነካርቶኑ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ጅማ ገባ። ደረጃውን ከባልደረባዬ ጋር ይዘነው ወጣን፤ መጠምዘዣው ላይ ትንሽ አቁመን ስናዞረው አለፈ። የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታብላይዘር ገዛሁለት፣ ከግድግዳው አራቅኩት፣ ሳልጫወት ለአቧራውና ለእርጥበቱ በጨርቅ እሸፍነዋለሁ። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ በየማታው ሁለት ሰዓት መጫወት ጀመርኩ። ቤቴ ውስጥ ድምፅ የለም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን ትልቅ አዳራሽ አለ። ማዳመጫውን ሳወልቅ የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ይቀበለኛል። አንዳንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ሙዚቃው መሀል ላይ ይቆረጣል፤ ጨለማው ውስጥ እጄን ቁልፉ ላይ እንዳደረግሁ እቆያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። ከሥር ያሉት ሴትዮ ናቸው።

«እህቴ፣ ማታ ማታ ምን ትቀጠቅጫለሽ?» አሉኝ።

«እኔ? ምንም አልቀጠቅጥም አዴ።»

«ወላሂ አለ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ሀጂ ጣራውን እያዩ ነው የሚያድሩት።»

አስገባኋቸውና ፒያኖውን አሳየኋቸው። ድምፁን አጥፍቼ ስጫወት ወለሉ ላይ እጃቸውን አስነካኋቸው። ለካ እኔ ሙዚቃውን ስሰማ እሳቸው የጣቴን ዱላ ነው የሚሰሙት። የቁልፎቹ ክብደት በማስቀመጫው እግር አድርጎ በኮንክሪቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሻጩ አልነገረኝም፣ መምህሬም አላሰቡትም። ምንጣፍ አጥፌ ከሥሩ አነጠፍኩ፤ ትንሽ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ፈርቼ ተውኩት። ፒያኖ እያለኝ ሳልጫወት አንድ ወር አለፈ።

በዚያ ወር የሊሙው ሽማግሌ ስልኬን ከባልደረባዬ ተቀብለው ደወሉ። ለጆሯቸው ሐኪም ቤት ሊታዩ ጅማ እንደሚመጡ ሊነግሩኝ ነበር። በወሬ መሀል የዱብታውን ነገር አነሣሁላቸው። ስልክ ላይ ደህና ስለማይሰሙ ሦስት ጊዜ ጮኼ ደገምኩት።

«ንዝረት ነው» አሉ። «ማጠቢያው ጣቢያ ሞተሩን በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አናስቀምጠውም። ወፍራም ጎማ ከሥሩ እናደርጋለን። እኔ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

መጡም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጡ፣ እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ የሚያክሉ ድርብርብ ጎማዎች በፌስታል ይዘው ሦስት ፎቅ ደረጃ እያረፉ ወጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ውኃ ጠጡ። ከዚያ ተንበርክከው ጎማዎቹን በማስቀመጫው እግሮች ሥር አስቀመጡ፣ ገፋ እያደረጉ ሚዛኑን አዩ፣ አንዱን በቢላዋ ላጡት። እኔ ስጫወት እሳቸው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ።

«ተጫወቺ» አሉ።

«እየተጫወትኩ ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ የለም» አሉና ተነሡ።

ሴትዮዋን ጠይቄ መጣሁ፤ ዱብታው እንደሌለ ነገሩኝ። ስመለስ ሽማግሌው ወንበር ስበው ፒያኖው አጠገብ ተቀምጠዋል። ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ሊሰሙ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እሳቸው እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ ባደርገው ለሀጂ ይረብሻል፤ ዝቅ ባደርገው እሳቸው አይሰሙም። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫውን እሳቸው ጆሮ ላይ አደረግሁና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

ከተማርኳቸው ሙዚቃዎች ሁሉ ረጋ ያለውን ተጫወትኩላቸው። እኔ ምንም አልሰማም ነበር። የቁልፎቹ ቀጭን ኳኳታና የሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው። በትክክል እየተጫወትኩ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ እጄን አመንኩት። ፊታቸውን ሰርቄ አየሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ ዘንበል ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ቅንድባቸው ተሰበሰበ፤ ተሳስቼ ይሆናል። ስጨርስ ማዳመጫውን ወዲያው አላወለቁም።

«ድምፁ ንጹሕ ነው» አሉ በመጨረሻ። ራሳቸውን ስለማይሰሙ ጮክ ብለው ነው የተናገሩት። «የሷ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ አንድ የሚጎረብጥ ነበረው።»

«የሳቸው ይሻላል» አልኩ።

አልሰሙኝም። ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሐኪም ቀጠሮ ሁለት ጊዜ መጥተው ተጫወትኩላቸው። እኔም ሁለት ጊዜ ሊሙ ሄጄ ያንን የሞተ ፒያኖ፣ የሚሠሩትን ቁልፎች እየመረጥኩ ነካካሁት። ስለ ሚስታቸው ብዙ አላወሩኝም፣ እኔም ስለ ባለቤቴ አላወራሁም። ብዙውን ጊዜ ስለ ሞተር ነበር የሚያጫውቱኝ። ግን ቅዳሜ ሲቃረብ ልቤ መንገድ መንገድ ያያል። ሰው መጠበቅ እንዲህ መሆኑን ረስቼው ነበር።

በጋው ሲያልቅ ልጃቸው አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ወሰነ። ብቻቸውን መኖር አይችሉም፣ ጆሯቸውም ጉልበታቸውም ደክሟል። ቤቱ ተሸጠ። በሚሄዱበት ቀን መኪናውን ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ አስቁመው አስደወሉልኝ፤ ወርጄ በመስኮቱ በኩል አነጋገርኳቸው።

«ዛሬ አልወጣም ልጄ» አሉ። «ደረጃው በዝቶብኛል።»

«ፒያኖውስ?»

«ለገዛው ሰውዬ ተውኩለት። ቁም ሣጥን መስሎት ነበር» አሉና ፈገግ አሉ። «ሁለት ወንድ ልጅ አለው። ይነካኩታል።»

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ቆዩ። ልጃቸው ሰዓቱን አየ። መኪናው ከታጠፈ በኋላም ትንሽ ቆሜ፣ ደረጃውን ወጣሁ። ሴትዮዋ በራቸው ላይ ሆነው «ያ ሽማግሌ ዛሬ ሳይወጡ ሄዱ?» ብለው ጠየቁኝ። ሄዱ አልኳቸው። ግቢ፣ ትንሽ ነገር ቅመሺ አሉኝ፤ ሌላ ቀን ብዬ አለፍኩ።

ያን ቀን ፒያኖውን አልገለጥኩትም። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ዘርግቼ ማረም ጀመርኩ። ዝናብ መጣ፣ መስኮቱን ዘጋሁ። ሰባተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ እያነበብኩት እንዳልሆነ ገባኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።